ለውጭ ደንበኛ የጻፍነው ማጠቃለያ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ በሱቅ ሰሌዳ፣ በጭነት መኪና በርና በሰሊጥ ዘይት ጣሳ ላይ እንደ እኔ የጻፈ ሰው የለም። አረብኛውን፣ የእኛን ፊደልና እንግሊዝኛውን በአንድ ብሩሽ እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከእርዳታ ስንዴ ጆንያና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ እያነበብኩ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቼ “ያረጀ እጅ አይገራም” ብለው ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ተቀምጬ ለመድኩት። እመካበታለሁ፤ የሚያስመካ ነገር ነውና።

ሴት ልጄንም ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ሱዳን ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ጀምራ በአረብኛ ትጨርሳለች። የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ሎጎ፣ የዕቃ ሌብል ትሠራ ነበር። እጇ ጥሩ ነው፤ ከእኔ የወረሰችው ነው። ነገር ግን የገበያው ሰው ለሥዕል መክፈል አይወድም፤ “ምን አደከመሽ? ማሽኑ አይደል የሚሠራው?” ይላታል። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደ ሊቢያ መንገድ ወጡ። ከአንዳንዶቹ ስልክ መጣ፤ ከአንዳንዶቹ ምንም አልመጣም።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ “አባባ፣ ከውጭ አገር ደንበኛ ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካላገኘሁ ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ” አለችኝ።

“በየትኛው መንገድ ነው የምትሄጅው?”

“መንገዱን ታውቀዋለህ።”

አወቅሁት።

እንደ እሷ ያሉ ተቀጣሪ ያልሆኑ ባለሙያዎችና ሥራ የሚያሠሩ ሰዎች የሚገናኙባቸው የኢንተርኔት ገጾች አሉ። የአሜሪካኖቹ መንግሥታቸው ሱዳን ላይ በጣለው ማዕቀብ ምክንያት ሱዳን ያለን ሰው አይቀበሉም ነበር፤ እሷም አውሮፓ ባለ አንድ አነስተኛ ገጽ ተመዘገበች። እዚያ ባለሙያው የሥራውን ናሙና ይለጥፋል፤ ከናሙናው በላይ ማጠቃለያ የሚሉት ቦታ አለ። ባለሙያው ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚሠራ በአጭሩ የሚናገርበት ነው። ደንበኛው ገጹን ሲከፍት ከማጠቃለያው የሚታየው የመጀመሪያው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የቀረውን ለማንበብ መጫን አለበት፤ ካላማረው ወደ ሌላው ያልፋል።

እኛ የስደተኛ ካምፕ የኖርን ሰዎች ስለ ራሳችን የምንጽፈው በአንድ መንገድ ነው፤ ኬዝ እንጽፋለን። ከየት እንደሸሸን፣ ማን እንደሞተብን፣ ስንት ዓመት እንደተጉላላን እንዘረዝርና ጥያቄያችንን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። ባለሥልጣን ፊት የሚያዋጣው ይኸው ነው። እኔ የጻፍኩትን ኬዝ አንብቦ መነጽሩን ያወለቀ ሹም አውቃለሁ። ልጄም ይህንኑ እየሰማች ስላደገች ማጠቃለያዋን በከበረ ሰላምታ ጀመረች፤ ወላጆቿ ከጦርነትና ከረሃብ ሸሽተው እንደመጡ፣ እሷም አገር ሳይኖራት እንዳደገች ጻፈች። ዲዛይነር የሚለው ቃል የመጣው ከታች፣ ሳይጫኑ በማይታየው ቦታ ነበር።

ለብዙ ጊዜ የጻፈላት ደንበኛ አልነበረም። በመጨረሻ አውሮፓ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ መልእክት ላከችላት። ልጄ ስልኳን ይዛ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣችና አነበበችልኝ። ሴትዮዋ ታሪኳ ልቧን እንደነካው፣ ልብስ ልትልክላት እንደምትፈልግ ጽፋ ልኳን ጠይቃለች።

“ሥራ ስላት ልብስ ትለኛለች። ኸላስ፣ አባባ፣ በቃኝ።”

ቀለም የነካውን እጄን ጠረግሁ። “ተቀመጭ። የምግብ ቤት ሰሌዳ ስጽፍ ባለቤቱ ከየት ተሰዶ እንደመጣ ጽፌ አውቃለሁ?”

“አታውቅም።”

“ምን ብዬ ነው የምጽፈው?”

“ፉል አለ።”

“እንግዲያውስ አንችም ፉል አለ በይ።”

ሳትወድ ሳቀች። “የእኔ ፉል ምንድን ነው ታዲያ?”

ይህን ራሷ ማየት ነበረባት። የሠራቻቸውን ሌብሎች አንድ በአንድ እያሳየሁ ጠየቅኋት። ግእዝ፣ አረብኛና ላቲን ፊደል ባንዲት ጠባብ ወረቀት ላይ ሳይጋፉ የሚቀመጡባቸው ነበሩ፤ ይህን የሚችል ሰው አውሮፓም ቢሆን በየመንገዱ አይገኝም። እኔ ተናገርኩ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ “ለምግብና ለቅመም ሻጮች የማሸጊያ ሌብል እሠራለሁ። ግእዝ፣ አረብኛና ላቲን ፊደል በአንድ ሌብል ላይ ያለ ችግር ይነበባሉ።” ከዚያ በታች ያለው የእሷ ነው፤ ንድፉን በቅድሚያ እንደምታሳይ፣ እንደምታርም፣ ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፋይል እንደምታስረክብ ጻፈች። በመጨረሻም “የሸቀጥዎን ፎቶ ይላኩልኝ” አለች።

“የምሥራቅ ሱዳን አንደኛ ዲዛይነር በይበት” አልኳት።

“አንደኛ መሆኔን ማን አየ?”

“እኔ አይቻለሁ።”

“አንተማ አባቴ ነህ። አንተን ማን ያምናል?”

እሱን ተውነው። ስደቱንም ሙሉ በሙሉ አወጣችው። የሞቱት ሰዎቻችን ከጽሑፉ ሲወጡ አትንኪያቸው ልላት ነበር፤ ነገር ግን ሙታን ሌብል አይሸጡም ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ የጻፈችላት ያችው ቅመም ሻጭ ናት። “ይህን ነው ለካ የምትሠሪው? በርበሬዬን የሚገዙት ሐበሾችና ዐረቦች ናቸው፤ ይህን የሚሠራልኝ ሰው ፍለጋ ስንከራተት ነበር” አለቻት። ልጄ ያን ሌብል ስትሠራ ከጎኗ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የ“በ” እግር አጠረ አልኳት፤ አስረዘመችው። ከዚያ ሴትዮዋ ለሌላው ነገረች፤ ሌላው መጣ። የሊቢያው ወሬ ከቤታችን ጠፋ። ያን ሰሞን እንደ ጎረምሳ ነበር የምራመደው።

ነገር ግን የውጭ ደንበኛ ፋይሉን በሰዓቱ ይፈልጋል። የገዳሪፍ መብራት ሲሄድ ወይም መስመሩ ሲቆረጥ ልጄ እኛ ርክሻ በምንላት ባጃጅ ከአንዱ ኢንተርኔት ቤት ወደ ሌላው ትበር ነበር። ክፍያውም በባንክ ሱዳን አይገባም፤ በእናቷ በኩል ጎንደር ባለች አክስቷ ስም ይላክና እዚያው ይቀመጣል። አንድ ቀን፣ “አባባ፣ ሥራዬም ገንዘቤም ከወሰን ማዶ ነው። እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?” አለችኝ።

ማጠቃለያው ላይ የአገርም የከተማም ስም አልጻፍንም ነበር። ሱዳን ሲባል ደንበኛ እንዳይፈራ ብለን ነው የተውነው።

ጎንደር ልትገባ ስትነሳ ወሰኑ ላይ እስካለችው ገላባት ድረስ ሸኘኋት። ከድልድዩ ማዶ የኢትዮጵያዋ መተማ ናት፤ ሰዎቹ፣ ፍየሎቹ፣ የሱቆቹ ቆርቆሮ ሁሉ ከዚህ ይታያል። በወጣትነቴ የተሻገርኩት በሌሊት ነበርና እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላስተዋልኩም።

“ና አብረን እንሂድ። አክስቴ ቤት ክፍል አለ” አለችኝ።

“ለአንድ ሰውዬ የመኪና በር ጀምሬያለሁ፤ ሳልጨርስ አልሄድም።”

“ስትጨርስስ?”

“ሌላ ይመጣል። ሥራ የማጣ መስሎሻል?”

ሻንጣዋን አንስታ ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ዞር አለችና እጇን አነሳች፤ እኔም አነሳሁ። አጥርተው የሚያውቁኝ የጎንደር ሰዎች ሞተዋል። ብሻገር እናቴ የተቀበረችበትን ቦታ እንኳ ጠይቄ ማግኘት ይኖርብኛል። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም።

አሁን ስልክ ትደውላለች፤ ዝናቡ ስለ መግባቱ፣ ስለ ደንበኞቿ ታወራኛለች። እኔም በሳምንት አንዴ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ገጿን እከፍታለሁ። ባለፈው የእኔን ሁለት መስመሮች ቀይራቸው አገኘሁ። የደንበኞቿ ዓይነት ስለበዛ አዲስ ጽፋለች፤ በመጀመሪያው መስመር ላይም “ከጎንደር” የሚል አለበት። ከእኔ አጻጻፍ ይሻላል አልልም። ባለ ኢንተርኔቱ ሰዓቴ ማለቁን እስኪነግረኝ ድረስ ግን ያችኑ መስመር ሳነብ ቆየሁ፤ ከዚያም ጨምርልኝ አልኩት።