ስድስት ሰዓት ላለመደመር

ቤቴል አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ዳይሬክተራችን የክፍለ ጊዜውን ድልድል በኤክሴል ሠርተው ላኩልኝና፣ «ሁሉም መምህር ስልኩ ላይ እንዲያየው፣ ክፍለ ጊዜው ሊደርስ ሲልም እንዲጠራው አድርጊልኝ» አሉኝ። በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በየሳምንቱ ይቀደዳል፤ ሳይቀደድ የሰነበተ እንደሆነም አንዱ ፎቶ ላንሳ ብሎ ይነቅለውና ሳይመልሰው ይሄዳል። ሥራው ቀላል መሰለኝ። ቀላል የመሰለኝ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያስጎርረኛል።

ኤክሴሉ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ ቀኑን፣ መነሻና ማብቂያ ሰዓቱን፣ ክፍሉንና መምህሩን ይዟል። ስልክ የሚቀበለው የካላንደር ፋይል ግን ሌላ ነው። ተራ ጽሑፍ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አገር ሰዓት ይጀምራል፤ በየሳምንቱ ሰኞ ይደገማል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይቆማል» የሚሉ መስመሮች ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ሞላሁ፤ ከዚያ እነዚህን መስመሮች ከየረድፉ እየገጣጠመ የሚያወጣ ቀመር ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ ምንም አልተሳሳትኩም።

ቀሪው ነገር ሰዓቱ ነበር። ዳይሬክተራችን እንደማንኛችንም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ 2:00 ብለው ነው የጻፉት። ስልኩ ግን ይህን ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት በፈረንጆች ነው ብሎ ይረዳል፤ ለእሱ የእኛ ጠዋት ሁለት ስምንት ነው። መፍትሔው ስድስት መደመር ነው፤ ይኸው ነው። ነገር ግን ሰዓቶቹ በቁጥር ሳይሆን በጽሑፍ መልክ ስለገቡ መደመሩ ትንሽ ልፋት ነበረው። እኔ ደግሞ ከልፋቱ ይልቅ ብልጠቱ አማረኝ። ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደኋላ የሚቀር አገር ፈለግሁና ካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ አንዲት ከተማ አገኘሁ። እዚያ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ ስምንት ይሆናል። ፋይሉ ላይ «ሰዓቱ የዚያች ከተማ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ስልኮቹ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ ቀየሩት። የኤክሴሉን አንዲት ሳጥን እንኳ ሳልነካ ሁሉም ልክ መጣ። ማታ ለባለቤቴ አወራሁለት፤ በማግስቱ ደግሞ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ የሚሰማኝ ሰው ሁሉ እስኪሰለች አወራሁት።

ፋይሉን ከሁሉም በላይ በደስታ የተቀበሉኝ አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጡረታ ወጥተው፣ እኛ ጋር በየዓመቱ በሚታደስ ውል ያስተምራሉ። ከአስኮ ነው የሚመጡት። ዕድሜያቸው ስለገፋ አስተዳደሩ በዓይነ ቁራኛ እንደሚያያቸው ያውቃሉ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለወጣት እንስጥ የሚል ወሬ ሲነሳም ሰምተዋል። ስልካቸውን ሰጡኝና ካላንደሩን አስገባሁላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አይሳሳትም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሳሳቱ እንጂ እሱ አይሳሳትም» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ሰኞ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። የፈተናው ወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አልመጡም። ተማሪዎቹ ባዶ ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ፣ ዳይሬክተሯ ደወሉ፣ ታክሲ ውስጥ ስለነበሩ ስልካቸው አልተሰማቸውም። ሦስት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ተረጋግተው በበሩ ገቡ። ዳይሬክተሯ ግቢው መሃል ላይ ተቀበሏቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብቻ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው አዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ ረስተዋል አለ፣ ሌላው ይህ ነገር ከጀመራቸው ቆይቷል አለ። እኔም፣ «ጋሼ እኮ ደክመዋል፤ በክብር ቢያርፉ ይሻላቸው ነበር» አልኩ። በአዘኔታ ነበር ያልኩት። ያ አዘኔታዬ ነው ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ።

ሻዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። የካላንደሩ ማስታወሻ ነበር፤ አስተምሬ የወጣሁት ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ነው ይለኛል። እንደ ብዙዎቹ መምህራን እኔም ድልድሌን በቃሌ ስለያዝኩ ለማስታወሻው ቁብ አልሰጠውም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከፍቼ አየሁት። የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ በሙሉ አንድ ሰዓት ወደፊት ሸሽቷል። ያለፉት ሳምንታት ልክ ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለው በሙሉ ስህተት ነው። ወዲያው ገባኝ። እዚያ አገር ክረምታቸው ሲገባ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመልሱታል፤ የመለሱትም በዋዜማው እሑድ ነው። የእኛ አገር ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነካም፣ እኔ ግን የቤቴልን ትምህርት ቤት ከካናዳ ሰዓት ጋር አስሬዋለሁ። እዚያ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ አሁን ስምንት ሳይሆን ዘጠኝ ነው፤ በእኛ ደግሞ ሦስት።

ተነስቼ ቢሮ ገባሁና ለዳይሬክተሯ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ወላጆች ደውለዋል። አሥራ ሁለተኛን ለሌላ መምህር ሰጥቻለሁ፤ አሁን መልሼ ብቀይር ጉድ ነው የሚባለው» አሉኝ። ለመንኳቸው። «የሚያስተምሩትን ዘጠነኛ ክፍል እንደያዙ ይቀጥላሉ» ከማለት በቀር አልተበገሩም። አዲስ ፋይል እንድሠራ፣ ሁሉም አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን እንዲያስገባ አዘዙኝ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስድስቱን ደመርኩ፤ ሰዓቱንም የአዲስ አበባ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሥራው አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልፈጀብኝም።

ከዚያ በፊት ግን ጋሼን ፍለጋ ወጣሁ። ታክሲ ፌርማታው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ የሚጠብቁት ግን የአስኮን ታክሲ አልነበረም። የሆነውን ደውለው ሲነግሯቸው ባለቤታቸው ቀድመው ወደ ቤቴል መጥተዋል፤ እዚያው ያለ ክሊኒክ ወረፋ ይዘው እየጠበቋቸው ነው።

«ራሴን ልታይ ነው። ይሄ ነገር ሳይብስ» አሉኝ፣ ግንባራቸውን በጣታቸው እየነኩ።

ነገርኳቸው። ካናዳውን፣ ሰዓቱን፣ ስንፍናዬን፣ ሁሉንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ነካክቼ ያበላሸሁት መስሎኝ» አሉ። «ልቤ ሁለት ሰዓት ነው ብሎኝ ነበር እኮ። ተነስቼ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ስልኩ ሦስት ይላል። እንግዲህ የተማረ ልጅ የሠራውን ትቼ ያረጀ ጭንቅላቴን ልመን? ብዬ ቁጭ አልኩ።»

ግንባራቸውን እንደገና ነክተው፣ «ታዲያ ጭንቅላቴ ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው ጋሼ። ልክ እርስዎ ነበሩ።»

«አሥራ ሁለተኞቹስ?»

እሱንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን አዩ፣ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ባለቤታቸው ጋ ደወሉ። «ምንም አልሆንኩም፤ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው። ልጅቷ ራሷ መጥታ ነገረችኝ» አሉና ስልኩን ለእኔ ዘረጉልኝ። ባለቤታቸውን አላየኋቸውም፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት፣ እያለቀሱ ነበር። ተባረኪ አሉኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ አሉኝ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ልናጣ ነበር አሉኝ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ፈገግ እያሉ ያዩኛል። አሜን አልኩ።