መሶቡና ሦስቱ ገበያዎች

እንጅባራ ውስጥ ብቻዬን መሶብ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ገበያ እንዲሰፋልኝ ብዬ ቲክቶክም፣ ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም ከፈትሁ።

ጎረቤቴ መምህርቷ «እማማ፣ የሚገዙዎት የዳንግላ ሰዎች ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው። ሌላውን ይዝጉት» አለችኝ።

«ዋጋ የጠየቀኝን ሰው ዝም ልበል? ግፍ አይሆንም?» ብዬ ተቆጣኋት።

ቲክቶክ ላይ ከሩቅ አገር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስመልስ፣ ለስፌት በውኃ የነከርሁት የአለላ ሣር እየደረቀ ይሰባበርብኝ ነበር። አንዳቸውም አልገዙኝም። አንዲት የዳንግላ እናት ለልጇ ሠርግ በቴሌግራም ያዘዘችኝ መሶብም ክዳኑ ሳያልቅ ቀኑ ደረሰ።

«ለማያውቁዎት ሲመልሱ እኔን ረሱኝ» ብላ ጻፈችልኝና ከሌላ ሰው ገዛች።

እውነቷን ነው፤ ግፉን የሠራሁት በእሷ ላይ ነው። ሁለቱን ዘጋሁ። ቴሌግራሙን በየጠዋቱ እከፍታለሁ፤ ከዳንግላ ግን ከዚያ ወዲህ የሚጽፍልኝ የለም።