ሴትዮዋ ከሳንቃ ላይ የወደቀች ዕለት ያየነውና ያወራነው

እኛ ዘንድ ሰው ከወደቀ ገና መሬት ሳይነካ ምክንያቱ ይቀድመዋል። አጥንቱን ወጌሻ እስኪዳስሰው ድረስ መንደሩ ፍርድ ጨርሶ፣ ይግባኙንም ሰምቶ፣ ወደ ምሳው ይሄዳል።

ከላሊበላ ከተማ ዳር በሚሠራ አንድ ሎጅ ግንባታ ላይ ጸሐፊ ነበርኩ። በመጻፍ የሚኖር ሰው ሲርበው የሚገባበት ሥራ ነው። ተቋራጩ «አንተ እጅህ ጽሑፍ ይችላል» ብሎ በዚያው ላይ የደኅንነት ተጠሪነቱን ደረበልኝ። የተጠሪነቴ ንብረት አንድ የራስ ቆብ ነበር። እሱንም ካቦው በቢሮው ምስማር ላይ ሰቅሎት ባርኔጣውን ይደፋበት ነበር።

ሴትዮዋ ሲሚንቶ አመላላሽ ናት። ከብልባላ በኩል የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው፤ ሁለት ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታለች። በሚካኤል ማግስት ረቡዕ፣ ጧት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ባልዲ ተሸክማ ከእንጨት መወጣጫው ሁለተኛ እርከን ላይ ወደቀች።

ስትወድቅ አላየሁም። የቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸት። ስደርስ በግራ ጎኗ ጠርብ ድንጋይ ላይ ተኝታ፣ ግራ እግሯ ከጭኗ ተጣሞ ነበር። ሲሚንቶው ደረቷ ላይ ፈሷል። አጠገቧ አንድ ሳንቃ መሬት ላይ ወድቋል፤ ከላይ ደግሞ የአንድ ሳንቃ ስፋት ያህል ክፍት ይታያል። ሁለት ሰዎች በብብቷ ሊያነሷት ሲታገሉ ጮኼ አስቆምኳቸው። በር አስነቅለን፣ በሩ ላይ አስተኝተን፣ በፒክአፕ ሆስፒታል አደረስናት።

«ምንም ነገር እንዳይነካ» ብዬ ነበር የሄድኩት። ስመለስ ሳንቃው ወደ ቦታው ወጥቶ፣ በምስማር ተመትቶ፣ ሌላ ሴት ባልዲ ይዛ ትሄድበታለች።

«ምን አደረጋችሁ?» አልኩት ካቦውን።

«አስተካከልና! ሌላ ሰው ይውደቅልህ እንዴ? ደኅንነት፣ ደኅንነት የምትል አንተው አይደለህ ጋሼ?»

የሚያስጠላው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። አደገኛውን ነገር ማስተካከል ተገቢ ነው፤ አካባቢውን አጥሮ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ለክቶ ከመዘገቡ በኋላ። እሱ ግን መጀመሪያ ያስተካከለው ማስረጃውን ነው።

ቅጹ ላይ «የአደጋው መንስኤ» የሚል አንድ መስመር አለ። ካቦው ከኋላዬ ቆሞ ያን መስመር በጣቱ ነካው።

«እዚህ ጋ ጠጥታ ነበር በል። ትናንት በሚካኤል ዝክር ላይ ስትቀዳም ስትቀምስም ውላለች። ነጠላዋ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር።»

«ዛሬ ጧት ስትጠጣ አይተሃል?»

«የጠጣ ሰው ታይቶ ነው እንዴ? ይታወቃል!»

ዝም ብሎ ሐሜት ቢሆን ባላስጨነቀኝ። ሠራተኛ ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ ከተጎዳ፣ ሕጉ ጉዳቱን ሆን ብሎ እንዳደረሰው ይቆጥርበታል፤ አሠሪው ነጻ ይወጣል። ሕክምናውም፣ አልጋ ላይ የሚከርምበት ጊዜም፣ ቢያነክስ ካሣውም ቀረ። «ጠጥታ ነበር» የሚሉት ሁለት ቃላት ያቺን ሴት ባልተጠገነ እግር ብልባላ ይመልሷታል። ካቦው ሕጉን ያነበበ አይመስለኝም፤ ግን ሽታው ደርሶታል።

ግንበኛው ሌላ ምክንያት ነበረው። ድንጋይ እየጠረበ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔ እንኳ የሰማሁት…» ብሎ ጀመረ። እንደዚህ ከሚጀምር ዓረፍተ ነገር ንጹሕ ነገር ወጥቶ አያውቅም። «ሳትነጻ ነው አሉ የመልአኩን ጽዋ የነካችው። የወር አበባዋ ላይ ነበረች አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰዎች ናቸዋ።»

«አንተ ምን አየህ? አጠገቧ ነበርክ።»

እጁን ገታ። «እኔማ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነበር። እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር ስል እሷ የለችም። ሳንቃው በአንድ ጫፉ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ እሱም ወደቀ።»

ያች አንዲት የረባች ነገር ናት። እሷን ለማግኘት ያን ሁሉ ጭቃ መርገጥ ነበረብኝ።

ቅጹን ትቼ ባዶ ወረቀት ላይ ለሁለት የሚከፍል መስመር አሰመርኩ። በአንድ በኩል ሰው በዓይኑ ያየው፣ በጆሮው የሰማው፣ በሜትር የተለካው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ያየው ሰው ማን እንደሆነ። በሌላ በኩል የተገመተው፤ ከጎኑ ገማቹ። ከሳንቃው እስከ መሬት ሦስት ሜትር ከስድሳ፤ እኔ ለካሁ። መወጣጫው ላይ የእጅ መደገፊያ የለም፤ እኔ አየሁ። ዝናብ አልነበረም፤ ሁሉም አየ። የሳንቃው ምስማሮች አዲስ፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ በዙሪያው ያሉት የዛጉ ናቸው። ስካር፣ ርኩሰት፣ የመልአኩ ቁጣ በግምት በኩል።

ከዚያ የራሴ ግምት መጣ። ከሌላው ሰው ግምት የሚለየው እኔ ስለወደድኩት ብቻ ነው።

በሚካኤል ቀን ሥራ የለም። ሠራተኞቹ የወር ጽዋ አላቸው፤ ግቢው ውስጥ ይዘከራል። አግዳሚ ወንበር ግን የለም። ስለዚህ ከመወጣጫው ሳንቃ ነቅለው፣ በሁለት ጠርብ ድንጋይ ላይ አጋድመው፣ መምሬንና ሽማግሌዎቹን ያስቀምጣሉ። ሲያልቅ ሳንቃው ይመለሳል። በየወሩ እንዲሁ ነው። ምስማሩን ሁልጊዜ ማን እንደሚመታው ጠይቄ አላውቅም። ደኅንነት ተጠሪው እኔ ነኝ፤ ያን ዕለትም ከመምሬ ቀጥሎ፣ ሳንቃው ላይ ተደላድዬ፣ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥቻለሁ።

ስለዚህ «ሳንቃው በምስማር ሳይመታ ስለተመለሰ ወደቀች» ብዬ በመንስኤው መስመር ላይ ለመጻፍ እጄ በላኝ። ለእሷ ይጠቅማል፤ ካቦውን ያሳርራል። ግን ሳንቃውን ማን እንደመለሰው አላየሁም። ምስማር ነበረው አልነበረው አላየሁም። ጫፉ ከድጋፉ አልፎ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። እንደ ካቦው «ይታወቃል» ልል ነበር ማለት ነው። የራሴም አፍ ለካስ ያው አፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ጭኗ ተሰብሯል፤ ወልድያ ሪፈር ተጽፎላታል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑ እስኪጣራ ይጠበቃል። ፊቷ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አልታጠበላትም ነበር።

«ጋሼ፣ ጠጥታ ነበር እያሉ ነው አሉኝ። እንዲያ ብለው እንዳይጽፉብኝ።»

«ጧት ምን ቀመስሽ?»

«በረቡዕ? ውኃም አልቀመስኩ። ጾም አይደል?»

«ስትወድቂ የምታስታውሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

አሰበች። «ባልዲውን ይዤ ጫፉ ላይ ረገጥኩ። ሳንቃው ከኋላዬ ተነሣ፤ እንደ ሚዛን። እግሬ ሥር የነበረው ሄደ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ሚካኤል ተቆጥቶኝ ነው እንጂ፣ ሁሌ የምሄድበት ነው።»

ሐሜቱ ከእኔ ቀድሞ አልጋዋ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። የተሰበረች ሴት አጥንቷን ይዛ ወንጀሏን ትፈልጋለች። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ሳንቃው መነሣቱን ባየችው በኩል፣ ቁጣውን በግምቱ በኩል።

በማግስቱ ከወረዳው የሥራ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዋ መጣች። አቧራ የለበሰ ጫማ ያደረገች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ካቦው መምሬን ይዞ ጠበቃት።

«እስቲ መምሬ፣ እርስዎ ይንገሯት፤ በዝክሩ ላይ አልጠጣችም?»

መምሬ መስቀላቸውን እያሻሹ ካቦውን አዩት። «ጠጥታለች። አንተም ጠጥተሃል። እኔም ቀምሻለሁ። በማግስቱ የወደቀችው ግን እሷ ብቻ ናት፤ ምን ልበልህ?»

ሰው ሳቀ። ካቦው ግን አልተረታም። «ሳንቃው እንደሆነ ለዝክር ከመወጣጫው ወርዶ አያውቅም» አለ። እግዜር ይስጠውና፣ ግንበኛው ለፌስቡክ ብሎ በዝክሩ ቀን ያነሳው ፎቶ ስልኩ ላይ ነበር። አወጣው። ሳንቃው በድንጋይ ላይ፣ መምሬ ላዩ ላይ፤ ከጎናቸው እኔ፣ ጣሳ ይዤ፣ አፌን ከፍቼ እየሳቅሁ፤ ከኋላችን የመወጣጫው ክፍት።

ተቆጣጣሪዋ ፎቶውን፣ ከዚያ እኔን አየች። «የደኅንነት ተጠሪው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ማን መለሰው?»

«አላየሁም።»

«ሲነቀልስ?»

«አይቻለሁ። ዝም ብያለሁ። እሱም ተጽፏል።»

መወጣጫው ላይ ወጥታ ምስማሮቹን በጣቷ ዳሰሰች፤ የወደቀውን ሳንቃ በእግሯ ሳትረግጥ በእጇ ገፋ አደረገችው። ስካርን ያየ ሰው ካለ ይቅረብ አለች። ማንም አልቀረበም። መዝገቧ ላይ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን፣ የስካር ማስረጃ አለመቅረቡን፣ መንስኤው ገና በምርመራ ላይ መሆኑን ጻፈች። ሕክምናው በአሠሪው እንዲሸፈን ደብዳቤ ሰጠችኝ። መወጣጫውንም እስኪጠገን አሳገደችው።

ካቦው እስከ በሩ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ ምክንያት የሌለው አደጋ ጻፍክልና! ጸሐፊ ነኝ ትላለህ።»

ማታ ላይ ሪፖርቱን አልጋዋ አጠገብ አነበብኩላት። ያለችውን ሰምታ መፈረም አለባት። ከመጨረሻው ላይ ስደርስ ቀና ለማለት ሞከረች።

«ሚካኤልን ከሐሜቱ ጋር ነው የጻፉት? ከካቦው ወሬ ጎን?»

«ግምት ስለሆነ ነው።»

«እኔ አልፈርምም። ይሰርዙልኝ።»

«የተናገርሽውን መሰረዝ አልችልም።»

«እንግዲያ ተናግራለች ብለው ይጻፉ። መናገሬንማ ሰምተውኛል፤ በጆሮዎ።»

ትክክል ነበረች፤ ሪፖርቱን ሳስተካክል የደረሰብኝ ትልቁ ኀፍረት ይኼ ነው። መስመሩን ወደ መጀመሪያው በኩል አዛወርኩት፦ ተጎጂዋ «ሚካኤል ተቆጥቶኝ ነው» ማለቷን እኔ ሰምቻለሁ። በግምቱ በኩል ደግሞ ስካሩን የካቦው፣ ቁጣውን የግንበኛው ብቻ አድርጌ ተውኩት። አነበብኩላት። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

በነጋታው መንገዱ ተከፍቷል ተባለ። ደብዳቤውን ለአምቡላንሱ ሾፌር ሰጠሁት፤ ሁለቴ አንብቦ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሲጭኗት ጮኸች፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ።