እግር የሚታጠብበት ወለል

ሰውአገኝ ውሃ ልኩን ከአጠገቡ አያርቅም። ምሳ ሲበላ እንኳ ጭኑ ላይ ያጋድመዋል። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ላሊበላ ነው፤ ሴራሚክ ማንጠፍ የተማረው ግን ኮምቦልቻ ሆቴል ሲሠራ ነው። እኔ ሲሚንቶ እያቦካሁና ውሃ እያመላለስኩ ስድስት ቤት አብሬው ሠርቻለሁ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ሥራ አይመረጥም፤ ከእሱ ጋር ሲሆን ግን ቀኑ ቶሎ ይመሻል።

ኅዳር ሲገባ እትዬ አስቻለች ጠሩን። ልጃቸው ከሕመም እንዲነሳ የተሳሉት ስለት አለባቸው፤ አንድ ክፍል ሴራሚክ አስነጥፈው፣ ለገና በእግሩ የሚመጣውን ምዕመን እዚያ እግሩን ሊያጥቡ።

«ገና እንዳያልፈኝ ልጄ» አሉት ሰውአገኝን። «ስለት ቀጠሮ አይወድም።»

ሰውአገኝ ከሴራሚኩ ሥር የሚሆነውን የአሸዋና የሲሚንቶ ንጣፍ ራሱ አፍስሶ አስተካከለ። በሚካኤል ማግስት ተመልሰን ስናየው ውሃ ልኩን በአራቱም ማዕዘን አጋደመው። በብልቃጡ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል ላይ ቀጥ።

«አየሽ ውባንቺ? እንዲህ ያለ ወለል ኮምቦልቻም አልሠራሁ።»

እኔ አቧራውን ላጥብ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ውሃው ተዘርግቶ ቆመ። የሰው ወለል ስወለውል ነው የኖርኩት፤ የማይሄድ ውሃ አውቃለሁ።

«ሰውአገኝ፣ ውሃው ቆመ።»

«ይቁም እንጂ፤ ወለሉ ልክ ስለሆነ ነው።»

«መቶ ሰው ሲታጠብበትስ?»

ሰውአገኝ አረፋዋን አየ፤ ቀጥሎ ግድግዳው ሥር ያለውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ አየ። ቀዳዳው ደረቅ ነበር።

እትዬ አስቻለች በር ላይ ቆመው ኖሯል። «እንግዶቼን ላጥብ ነው ወይስ ላጠምቅ? ጥምቀት እኮ ከገና በኋላ ነው።»

«ሆቴል ለምጄ፣ እንደ ሳሎን ሠራሁት እትዬ።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አለቱ እንኳ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ኮምቦልቻ አገርህን አስረሳችህ።»

ሰውአገኝ አንገቱን አከከ። «የሴራሚኩን ማጣበቂያ በአንድ በኩል ባወፍረውስ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ራሱ መለሰ፤ «አይሆንም። ወፍራሙ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሴራሚኩም ይነቃነቃል።»

ስለዚህ ያንን የኮራበትን ወለል በመሮ ወቅረን አሻከርነው። አጥበን ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀባነውና ሳይደርቅ ሌላ ንጣፍ ደረብንበት፤ በሩቁ ግድግዳ በኩል ስድስት ሳንቲም ተኩል፣ ቀዳዳው ጋ ሁለት ሳንቲም። ቀዳዳውንም በዚያው ልክ ከፍ አደረገው። ለመለኪያ እንዲሆነው አንድ ሜትር በሚረዝመው ውሃ ልኩ ጫፍ ላይ፣ በቀዳዳው በኩል ከሥሩ፣ አንድ ሳንቲም ተኩል የሚወፍር የእንጨት ቁራጭ አሰረ። አረፋዋ መሐል ከቆመች ወለሉ በየሜትሩ ያንኑ ያህል ይወርዳል።

«መዋሸት አስተማርከው» አልኩት።

«የእትዬን እውነት ነው ያስተማርኩት።»

ወለሉ እንዳይሰነጠቅ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ጆንያ አለበስነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እንዲደርቅ ተውነው። እትዬ አስቻለች በየቀኑ እየመጡ ያዩታል፤ ለገና የቀረውንም ቀን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

ማጣበቂያ ሲገዛ ደግሞ ሌላ ሙግት ሆነ። «ወንድሜ በሲሚንቶ ብቻ ነው ያስነጠፈው» አሉ።

«ቤታቸው ገብቼ ስረግጠው እንደ ከበሮ ይጮሃል» አለ ሰውአገኝ። ከዚያ እትዬ የገዙትን ሴራሚክ ገልብጦ ጀርባው ላይ የውሃ ጠብታ ጣለ። ጠብታዋ ሳትሰርግ ቆመች። «ውሃ አይስብም፤ ሲሚንቶ ብቻውን አይዘውም። በከረጢት የሚመጣው የሴራሚክ ማጣበቂያ ይሻላል፤ እርጥበትም ይችላል።» ከወልዲያ አስመጡ።

እኔ አቦካሁ፣ እሱ በጥርሳሙ ማንጠፊያ እየቦረቦረ ዘረጋ። ነፋሱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ለአራት ሴራሚክ ከሚበቃው በላይ አይዘረጋም። በየመሐሉ የሦስት ሚሊ ፕላስቲክ መለያያ ይሰካል። አንዱን አንስቶ ጀርባው በሙሉ ማጣበቂያ መንካቱን አየ፤ የእንጨት ቁራጭ የታሰረበትን ውሃ ልክ በየረድፉ አጋደመ። በማግስቱ ባዶ ድምፅ ፍለጋ በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ አለፈ፤ አላገኘም። መለያያዎቹን ነቅለን ክፍተቱን ፉጋ በሚሉት የሴራሚክ መሙያ ሞላነው።

በገና ዋዜማ መወልወያዬን ይዤ ሄድኩ፤ ልማድ ነው። የመጀመሪያው እንግዳ ከኮን ከተማ ሦስት ቀን በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። እትዬ አስቻለች ተንበርክከው አጠቧቸው። ውሃው የመንገዱን አቧራ ይዞ በሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተና በቀዳዳው ወጣ።

ሽማግሌው በዓይናቸው ሸኙት። «ይህስ መንገዱን ያውቃል» አሉ።

ሰውአገኝ ውሃ ልኩን ታቅፎ ጥግ ቆሟል። እትዬ አስቻለች ቀና ሳይሉ፣ «ቀጥሎ አንተ» አሉት።

«እኔ መንገደኛ አይደለሁም እትዬ።»

«ከኮምቦልቻ አልመጣህም? ጫማህን አውልቅ።»

ካልሲው ላይ ሲሚንቶ ደርቆበት ስለነበር እንግዶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እሱም ሳቀና ተቀመጠ። እስኪመሽ ቆጥሬ የማልዘልቀው ሰው ታጠበ። ወደ ቤቴ ስሄድ መወልወያዬ ደረቅ ነበር።