ከሐሳቤ ጋር መከራከር ያቆምኩበት ጊዜ

እናቴ የሞተች ዕለት ጠዋት የደም ግፊቷን የለካሁት እኔ ነኝ። ከፍ ብሏል። ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ አይቼው ስለማውቅ፣ ራስ ምታትም ድካምም የለኝም ስላለችኝ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ፣ ነገ አዳማ ሐኪም ቤት እንሄዳለን ብያት ሥራ ገባሁ። ከቀትር በኋላ ወደቀች። አመሻሹ ላይ አረፈች።

ወንጂ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ለቅሶ ቤት ወንበር አቀረብኩ፣ ውሃ አደልኩ፣ ሰው በጥንካሬዬ ተገረመ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ምንም አልተሰማኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ውስጤ ይመላለስ ነበር፦ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። ሥራ ስመለስ የግፊት መለኪያውን የሰው ክንድ ላይ መጠቅለል አቃተኝ። ኃላፊያችንን ለምኜ ካርድ ክፍል ተዛወርኩ።

ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ወንድሜ ሐሳቡን ስነግረው፣ የጠላት ድምፅ ነው፣ ገሥጪው አለኝ። ገሠጽኩት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ዝም ይልና ይመለሳል።

በኋላ አዳማ አንዲት ጠና ያለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ገጽ ለሁለት ከፍላ፣ ሐሳቡን የሚደግፍ ማስረጃ በአንድ በኩል፣ የሚቃወመውን በሌላው እንድጽፍ አደረገችኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ክኒኑን እየዘለለች ትውጥ እንደነበር ጻፍኩ፤ የአደጋ ምልክት እንዳልነበራት ጻፍኩ፤ ሐኪም ቤት ተኝቶም ሰው እንደሚሞት ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «በዚያ ሰዓት በማውቀው የቻልኩትን አድርጌያለሁ» የሚል ሚዛናዊ ሐሳብ አወጣን። ታክሲው ወንጂ እስኪደርስ አመንኩት። ከታክሲ ስወርድ «ቁጥሩን ግን አይተሽዋል» የሚል ሐሳብ መጣ። ለዚያም መልስ ጻፍኩ። እሱም መለሰልኝ። ባልደረባዬን በዚሁ መንገድ ከብዙ ዓመት ፍርሃት ስላወጣቻት መንገዱን አላማም። እኔ ግን ማስረጃ በጨመርኩ ቁጥር ክርክሩ ይረዝምብኝ ነበር። እሷም አይታ፣ በሌላ መንገድ ወደሚሠራ ወጣት ባለሙያ ራሷ ላከችኝ።

ወጣቱ ባለሙያ ደብተር አላወጣም። መጀመሪያ «ሎሚ» ይበሉ እንዳለኝ አስታውሳለሁ፤ ሎሚን አስቤ አፌ ውሃ ሞላ። ከዚያ ሁለታችንም ጮክ ብለን በፍጥነት ሎሚ ሎሚ ሎሚ እያልን ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆየን። ሚሎ ሚሎ ሆነ፤ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ የራሴን ቃል ጠየቀኝ። «ገዳይ» አልኩት። ያንንም እንዲሁ ደጋገምነው፤ ዳይገ ዳይገ ሆነ። አላሳቀኝም።

«ስለዚህ ውሸት ነው ማለት ነው?» አልኩት።

«እውነት ይሁን ውሸት አልጠይቅዎትም፣ ሲስተር» አለኝ። «ሲከተሉት ወዴት ነው የሚወስድዎት?»

«ካርድ ክፍል።»

ከዚያ ለዓረፍተ ነገሬ ጅራት አስቀጠለኝ፦ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ቀጥሎም፦ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ የሚል ሐሳብ እንደመጣብኝ አስተዋልኩ። ክሱ እንዳለ ነው፤ አንድ ቃል አልተነካም። እኔ ግን ከውስጡ ወጥቼ አጠገቡ የተቀመጥኩ ያህል ሆነ።

መቼ ነው የሚሄደው ብዬ ጠየቅኩት። ላይሄድ እንደሚችል ነገረኝ፤ ልምምዱን ለማባረሪያ ከተጠቀምኩበት ያው ትግል ነው። የልምምዱ ዓላማ ሐሳቡ እያለም ማድረግ የምፈልገውን እንዳደርግ ነው። ከዚያ ለምን ነርስ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የሸንኮራ አገዳ ቆራጮቹ ሲመጡ ፊታቸውን አይቶ የሚረዳቸው ሰው እንዲኖር አልኩት። በዚያ ሳምንት የአንድ ሰው ግፊት ለመለካት ተስማማሁ።

የለካኋቸው የአንድ አገዳ ቆራጭ እናት ነበሩ። «አካም ቡልታን፣ አዴ» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ካልኳቸው በኋላ ክንዳቸውን ያዝኩ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው። ሐሳቡ መጣ። ሐሳቡ እንደመጣብኝ አስተዋልኩና ጥቂት አሳርፌያቸው ደግሜ ለካሁ። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የእጅ እግር መዛል ጠየቅኩ፤ የለም። ሐኪማችንን አማከርኩ፤ መድኃኒታቸው ተስተካከለ። ሐሳቡ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፊላቸው ይል ነበር። እኔ ግን የአደጋ ምልክቶቹን ነግሬ፣ አንዱም ከታየ ወዲያው እንዲመጡ፣ ካልታየ ሐሙስ እንዲመለሱ ነገርኳቸው። «ነገ እንሄዳለን» ያለው አፌ ነው ይህን ያለው።

ሐሙስ መጡ። ቁጥሩ ወርዷል። ደስታ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

በማግሥቱ ኃላፊያችንን ወደ ቦታዬ መልሱኝ አልኳቸው። ሐሳቡ አሁንም ይመጣል፣ በተለይ ጠዋት። ወንድሜ «ተሻለሽ ወይ?» ሲለኝ ወደ ቦታዬ ተመልሻለሁ እለዋለሁ። በቀን ሃያ ሠላሳ ሰው እለካለሁ።