ዶኛ ኔሪስ ሳታየው የሚላክ ኢሜይል የለም

በኮሎምቢያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በባራንኪያ፣ ሬቦሎ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለችው የዶኛ ኔሪስ ኢንተርኔት ቤት አምስት ኮምፒውተሮችና እያስነጠሰ የሚሠራ አንድ ማተሚያ አላት። ሰው የሚመጣው ግን ለእነሱ አይደለም፤ ኢንተርኔትማ ዛሬ ሁሉም ኪሱ ውስጥ አለው። የሚመጣው ለግድግዳው ነው። ግድግዳው ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም የተጻፉ ስምንት መስመሮች አሉ፤ የሥራ ማመልከቻ የሚልክ ሰው ስምንቱን ሳያልፍ «ላክ» የሚለውን አይነካም። ቢነካ ዶኛ ኔሪስ እጁን በማስመሪያ ትመታዋለች። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰውም ቢሆን ትመታዋለች።

እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ሁለት ፊደል አለ። መስመሩ እንዲጻፍ ምክንያት የሆነው ሰው ስም መነሻ ነው። ሰፈሩ ማን ማን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። «የምትጽፍለትን ሰው ስም ከማስታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር» የሚለው የመጣው፣ ለአንዲት የሆቴል ሥራ አስኪያጅ «ክቡር ጌታዬ» ብሎ ከጻፈው አስተናጋጅ ነው። «የድርጅቱን ስም እንደገና እይ» የሚለው ደግሞ የብየዳ ባለሙያው ጦስ ነው፤ የድሮ ደብዳቤውን ገልብጦ ለቀለም ፋብሪካ «ከልጅነቴ ጀምሮ በብስኩት ሥራ ላይ ለመሰማራት ስመኝ ኖሬያለሁ» ብሎ ላከ። አንዷ ልጅ ሲቪዋን አያያዝኩ ብላ የአክስቷን ልጅ የልደት ፎቶ ላከች። መልስ መጣላት፤ ኬኩ ደስ እንደሚል የሚገልጽ። ከዚያ ወዲህ «አባሪውን መጀመሪያ አያይዝ፣ ካያያዝክ በኋላ እዚያው ከፍተህ እይ፣ ፋይሉን በስምህና በሥራው መደብ ሰይም» ተባለ። ፋይሉን «የመጨረሻው እውነተኛው አሁንስ በቃኝ» ብሎ የሰየመ ሰው ስለነበር ነው።

ስልክን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው፦ የጻፍከው ቁጥር ላይ ደውል፤ ኪስህ ካልጮኸ ያንተ አይደለም። የተቀባዩ አድራሻ የሚሞላው መጨረሻ ላይ ነው፤ እጅ ቢያመልጥ እንኳ ደብዳቤው የትም እንዳይሄድ። ቀን ከነዕለቱ ይጻፋል፤ ካላንደር ላይ ጣት ተደርጎ ይረጋገጣል፤ በሲቪው ላይ ያሉት ዓመታትና ወራትም ተደምረው መግጠም አለባቸው። ስምንተኛው፣ እሷ በጣም የምትወደው፣ «ማንም የጻፈውን ብቻውን አይላክ፤ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት» ይላል።

ይህን ጥንቃቄ ከየት አመጣችው ቢባል፣ ከወደቡ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ሰነድ ስታመሳክር ኖራለች። እዚያ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ኮንቴይነሩ ፀሐይ ላይ ይከርማል። ቢሮው ተሸጠና እሷም ተሰናበተች። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለጡረታ የስልሳ ሁለት ሳምንት መዋጮ ይጎድላታል። ስልሳ ሁለት ሳምንት ብቻ። ይህን ቁጥር ስታስበው ያማታል፤ ለማንም ግን አልነገረችም።

ስለዚህ በጥር መጨረሻ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደጋማዋ ዋና ከተማ ቦጎታ የሆነ አንድ የጭነት ድርጅት ለባራንኪያ ቅርንጫፉ ሰነድ አረጋጋጭ ሲፈልግ፣ ዶኛ ኔሪስ በሩን ዘግታ ማመልከቻዋን ብቻዋን ጻፈች፣ ብቻዋን ላከች። ስምንተኛው መስመር ከጀርባዋ ሆኖ ያያት ነበር። እሷ ግን ለራሷ ሰበብ አላጣችም፤ የእሷን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ከዚህ ሰፈር ከየት ይመጣል? እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር። አመልክታ ተቀባይነት ባታገኝ፣ በማስመሪያ የመታችው ሕዝብ ሁሉ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተሰብስቦ እንደሚሳለቅባት ታውቃለች።

በየካቲት አሥር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ መልስ መጣ። ኢንጂነር ፓሎማ ኡሩቲያ የተባሉ ሴት ጽፈውላታል፦ ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ፣ ሰኞ የካቲት አሥራ ስድስት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፤ እስከ ነገ ቀትር ያረጋግጡ።

ዶኛ ኔሪስ ካላንደሩ ላይ ጣቷን አደረገች። አሥራ ስድስት ሰኞ ነው፤ ይገጥማል። ግን የካርኒቫል ሰኞ ነው። ደስታዋ ወዲያው ወደ ሳቅ ተለወጠ። በካርኒቫል ሰኞ ሐኪም እንኳ ከበሮ ይመታል። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ቀን ሳያዩ ይጽፋሉ ማለት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሰኞ ዕለት ኩምቢያ የምትጨፍረው ከፊት መስመር ነው፤ ቀሚሱ ተተኩሶ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሳታመነታ መልሱን ጀመረች፦ «በቀኑ ላይ ስህተት ሳይገባ አልቀረም፤ ሰኞ በዓል በመሆኑ ሐሙስ አሥራ ዘጠኝ እገኛለሁ።»

አድራሻውን ልታስገባ ስትል ያይር ገባ።

ያይር ሞተር ሳይክል እየነዳ ሰው የሚያመላልስ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ለአንድ መጋዘን የሾፌርነት ሥራ የሚያመለክትበትን ሲቪ አራት ጊዜ መልሳበታለች። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ቦጎታ የመድኃኒት ቤት ዕቃ ሲያደርስ ቆይቶ በየካቲት ወጥቷል፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ ባዶ ነው።

«ዶኛ ኔሪስ፣ ዛሬስ ያልፋል» አለ፤ ወረቀቱን እያውለበለበ።

«በየካቲት ለምን ወጣህ?»

«ብርዱ ነዋ። ስንቴ ልንገርዎት።»

«ብርዱ የመጣው በየካቲት ነው? ጥር ላይ ቦጎታ ባሕር ዳርቻ ነበረች?»

ያይር መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ማሳያው ላይ አረፈ። ከግርጌው ላይ «ኔሪስ ባራሳ ቻሪስ» የሚል አለ። ከላይ «ቃለ መጠይቅ» የሚል። ፊቱ ቀስ እያለ ፈካ።

«አመልክተዋል።»

«አንተን አይመለከትም።»

«ማን አነበበልዎት?»

ያይር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ማስመሪያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

«ስምንተኛውን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ እስቲ። መነጽሬን አልያዝኩም።»

«መነጽር መቼ አድርገህ ታውቃለህ፣ አንተ ከይሲ።»

«እኔ አራት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፣ ዶኛ። አራት ጊዜ። በዝናብ ጭምር።»

ነገሩ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ያናደዳት። ወንበሯን በግማሽ ክንድ ወደ ጎን አሸሸችለት። ያይር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ቄስ ጀመረ። ስም? ኡሩቲያ፤ ከእሳቸው ኢሜይል ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል። ማዕረግ? ኢንጂነር፤ አለ። ስልክ? ደወለበት፤ የዶኛ ኔሪስ ጉያ ጮኸ። አባሪ? አያስፈልግም። እያንዳንዱን ሲጨርስ ጠረጴዛውን በማስመሪያው ይመታል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች። ቀን ላይ ሲደርስ ማስመሪያው አየር ላይ ቀረ።

«ይኼ በዓል ነው ያሉት፣ የት ነው በዓል?»

«ምን ማለትህ ነው? ሰኞ ካርኒቫል ነው።»

«እዚህ። እሳቸው የት ናቸው?»

«ቦጎታ።»

ያይር ማስመሪያውን አስቀመጠ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ፌዝ ጠፋ።

«እንግዲህ ይስሙኝ፤ ግን ሰፈር ውስጥ እንዳይወራብኝ። ብርድ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የካርኒቫል ዋዜማ አውቶቡስ ተሳፍሬ መጣሁ። ሰኞና ማክሰኞ አገሩ ሁሉ ዝግ ነው ብዬ። ማንን ልጠይቅ? በካርኒቫል ሥራ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ረቡዕ፣ በጾሙ መግቢያ ቀን እንደ ደንቡ ግንባሬ ላይ አመድ ተቀብቼ ስመለስ የሞተሩን ቁልፍ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። አለቃዬ በዓል መኖሩንም አልሰማም። እዚያ ሰኞ ማለት ሰኞ ነው።»

ዶኛ ኔሪስ ማሳያውን እንደገና አየች። «በቀኑ ላይ ስህተት ሳይገባ አልቀረም።» ሰነድ አረጋጋጭ ልትሆን አመልክታ፣ ልክ የሆነውን ቀን ልታርምላቸው ነበር። የአድራሻው ቦታ ባዶ መሆኑን ስታይ ትንፋሿ መለስ አለ። ስልሳ ሁለቱ ሳምንታት ዓይኗ ላይ ዞሩባት። አፈረች፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«አጥፋው» አለች።

«እርስዎ ያጥፉት። እኔ አንባቢ ብቻ ነኝ።»

አጠፋችው። ሁለት መስመር ጻፈች፦ ሰኞ የካቲት አሥራ ስድስት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዝግጁ ነኝ፤ አመሰግናለሁ። ያይር ጮክ ብሎ አነበበ፣ አንዴ ጠረጴዛውን መታ፣ ተላከ። ከዚያ የእሱን ሲቪ ሳበችና የካቲት ላይ እርሳሷን አሳረፈች።

«እዚህ ምንም አትጨምር። ለምን ወጣህ ሲሉህ ግን ለእኔ የነገርከውን ንገራቸው። የመጋዘኑ ሰው የባራንኪያ ልጅ ነው፤ ይገባዋል።»

ሰኞ ጠዋት መንገዱ በከበሮና በዱቄት ተሞላ። እዚህ በካርኒቫል የበቆሎ ዱቄት ፊት ላይ ሳይረጩ ሰላምታ የለም። ዶኛ ኔሪስ ከወገብ በላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች የኩምቢያ ቀሚሷን ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ያይር በሩ ላይ ቆሞ ዱቄቱን በገዛ ፊቱ እየተቀበለ ይመልሳል፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነበር የሚታየው።

ኢንጂነሯ ስለ ሰነድ ጠየቁ፤ እሷም መለሰች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ጆሯቸውን ቀሰር አደረጉ።

«ከበሮ ነው የምሰማው? እናንተ ዘንድ ዛሬ በዓል ነው እንዴ? ይቅርታ፣ ቀን መቀየር ይችሉ ነበር እኮ።»

«ሰኞ አሥራ ስድስት ብለው ነበር የጻፉት፣ ኢንጂነር» አለች ዶኛ ኔሪስ። «ኢሜይሉን ሁለት ሰው ነው ያነበበው።»

መጋቢት ሁለት ቀን ሥራ እንድትጀምር የሚል ደብዳቤ የመጣው በዚያው ሳምንት አርብ ነው። ሰፈሩ በዕለቱ ሰማ፤ ያይር ማንም እንዳይሰማ ምሎ ስለነበር። ከሰዓት በኋላ ወፍራሙን ጥቁር ቀለም አወጣች፤ መሰላል ላይ ወጥታ ከስምንተኛው በታች ዘጠነኛውን ጻፈች፦ «ቀኑ የማን አገር ካላንደር ላይ እንዳለ ጠይቅ።» መጨረሻው ላይ የራሷን ስም መነሻ ሁለት ፊደል አስቀመጠች።

ያይር ከታች መሰላሉን ይዟል። በሌላው እጁ ማስመሪያውን አነሳና የመሰላሉን እግር መታ።

«አንደኛው መስመር ምን ይላል፣ ዶኛ? ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ዶኛ ኔሪስ ከላይ ሆና ቁልቁል አየችው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል፤ ብየዳ ሠራተኛውም አለበት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ሁለቱን ፊደላት ሰርዛ፣ ከዳቦ ቤቱ በር ሆኖ እንዲነበብ አድርጋ፣ «ኔሪስ ባራሳ ቻሪስ» ብላ ጻፈች።