ለእሱ የተቀመጠው ሲሚንቶ

አባቴን ሰፈሩ «አባባ ሲሚንቶ» ነበር የሚለው። ሱቃችን ከፊት አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ ረጅም መጋዘን አለው። ሚስማርና ቀለምም እንሸጣለን፤ የአባቴ ልብ ያለው ግን ሲሚንቶው ላይ ነበር። ቅንድቡ ላይ ያለው ሽበት ይሁን አቧራ አይለይም እያልን እንቀልድበት ነበር፤ እሱም «ስሞት አጥባችሁ እዩት» ይለን ነበር።

ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፤ እኔም ቁመቴ ከጠረጴዛው ሳይበልጥ በቃሌ ይዤዋለሁ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ፤ ከረጢት ደግሞ መሬትም ግድግዳም እንዳይነካ። አባቴ በሌላው ነገር ሁሉ ዝንጉ ነው። ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ ገበያ የወጣበትን ቀን እናቴ እስክትሞት ድረስ ትስቅበት ነበር። የከረጢቶቹን ተራ ግን አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ከእኛ ሱቅ የወጣ ሲሚንቶ እጅ ላይ ሲያፈሱት እንደ ዱቄት ይፈስሳል፣ ግንበኛው ሁሉ ይህን ያውቃል። ያ ነበር ሀብቱም ኩራቱም።

ጎረቤታችን ልብስ እያጠበች ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቀው ነው የሚኖሩት፤ መካከለኛው ልጇ ማጥናት ቢፈልግ እግር መዘርጊያ እንኳ አልነበረውም። አባቴ አንድ ቀን በራችን ላይ ተቀምጦ ሲያነብ አየውና «ና ግባ፣ እኔ ጋ ጸጥታ በሽ ነው» ብሎ መጋዘኑ ጥግ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ልጁ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የሚመጣው ወደ እኛ ሆነ። ከኋለኛው ጥግ፣ ለከረጢት መደርደሪያ በተዘረጋው ርብራብ እንጨት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ያነባል።

የሚያሳዝነው፣ ሲነሳ ሁልጊዜ ሱሪው ከኋላ ረጥቦ ይገኛል። እኛ ምን እንላለን? ልጆች ነን፣ «ሽንታሙ» አልነው። እኔ ታላቅ ነኝ፣ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። እናቱም አፍራ ትገርፈው ነበር። እሱ አይመልስም፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ እዚያው ጥግ ቁጭ ይላል። አባቴ «ተዉት ልጁን፣ ሲያድግ ይተወዋል» እያለ ይቆጣን ነበር።

አደገ፣ መሐንዲስም ሆነ። የተመረቀ ቀን ጋዋኑን ሳያወልቅ ሱቃችን ድረስ መጥቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። «አባባ፣ ሕንጻ መሥራት ስጀምር ሲሚንቶው ከእርስዎ ነው» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን የደስታ ቀን ወሬ ነው ብሎ ይረሳው ነበር። አባቴ ግን እንደ መሐላ ያዘው።

ዓመታት አልፈው ሰፈራችን ውስጥ ትልቅ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሆነ፤ የሥራ ቦታው መሐንዲስ ሆኖ የመጣውም እሱ ነበር። ተቋራጩ ዋጋ አወዳደረ፣ አባቴም አሸነፈ። ደስታ አናቱ ላይ ወጣ! ትኩስ ሲሚንቶ ከፋብሪካ አስመጣና «ይሄ የልጄ ነው» ብሎ ሌላ ቦታ እያለ ያ ልጅ ይቀመጥበት የነበረው ጥግ ላይ አስከመረው። መተላለፊያ እንዲተርፍ ደግሞ ግድግዳው ላይ አስጠጋው። ዕድሜ ልኩን የያዘውን ሕግ የጣሰው ያኔ ነው፤ የጣሰውም በፍቅር ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወዲያው ክረምት ገባ። የመሠረት ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ሥራው ቆመ። ከኋላችን ያለው የጎረቤት አሸንዳ ሌሊቱን ሙሉ ሲንፎለፎል እንሰማለን፣ ግድግዳው ግን በከረጢት ስለተሸፈነ ማንም አላየውም። ሌላው ሲሚንቶ ይገባል ይወጣል፣ የልጁ ክምር ቦታውን አይለቅም።

«አባዬ፣ ያንን ክምር እንሽጠውና ለእሱ ሥራው ሲጀመር አዲስ እናምጣለት» አልኩት።

«የእሱን?» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «የእሱን ለማን ልሸጥ? አደራ ነው እኮ! ደንበኛ ሁሉ አንድ መሰለሽ?»

ሲቆጣ አያስደርስም።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ጉድጓዱ ደርቆ ሥራው ሲጀመር አባቴ ከረጢቶቹን ራሱ አስጭኖ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ልጁ የራስ መከላከያ ቆቡን አድርጎ ወጣ፣ አባቴን አቀፈው፤ ከዚያ አንዱን ከረጢት ገልበጥ አድርጎ የተመረተበትን ቀን አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ይሄ ብዙ ቆይቷል። ሳይፈተሽ አንዲት ከረጢት እንኳ ማስከፈት አልችልም።»

«ፈትሽ!» አባቴ ሳቀ። «ፈትሽና ለእነዚህ ሁሉ ንገራቸው።»

ከረጢቶቹን ከሌላው ለይተው በርብራብ ላይ ደረደሯቸው፣ በሸራ ሸፈኗቸው፣ ዙሪያቸውን ቀይ ገመድ ሳቡባቸው። ከተለያዩ ከረጢቶች ናሙና ወስደው በደንብ በሚዘጋ ቆርቆሮ አሽገው ለቤተ ሙከራ ላኩት። ናሙናው ከአሸዋና ከውሃ ጋር ተቦክቶ፣ በትንንሽ ቅርጽ ተሞልቶ ከጠነከረ በኋላ በማሽን እየተጨፈለቀ ምን ያህል ጫና እንደሚችል ይለካል። ውጤቱ እስኪመጣ አባቴ ሰፈሩን እየዞረ «የልጄን ትምህርት ቤት የምሠራው እኔ ነኝ» ሲል ሰነበተ።

ደብዳቤውን ከመልእክተኛው ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አባቴ መነጽሩን ፈልጎ አጣው፤ ግንባሩ ላይ ነበር። «አንብቢልኝ» አለኝ።

«ጉዳዩ፦ ያቀረቡት ሲሚንቶ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን ስለማሳወቅ። ድርጅትዎ ለትምህርት ቤቱ ግንባታ ካስረከበው ሲሚንቶ ናሙና ተወስዶ እንዲፈተሽ ተደርጓል። በውጤቱም የሦስት ቀንና የሰባት ቀን ጥንካሬው በደረጃው ከተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በታች ሆኖ ተገኝቷል። በከረጢቶቹም ውስጥ በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ታይቷል። ይህም ሲሚንቶው በቆይታና በእርጥበት መበላሸቱን ስለሚያመለክት ለማናቸውም ሥራ እንዳይውል ታግዷል። ሙሉውን ጭነት በራስዎ ወጪ ከሥራ ቦታው እንዲያነሱና ተመርቶ ያልቆየ፣ የፍተሻ ማረጋገጫ ያለው ሲሚንቶ እንዲተኩ እናሳስባለን። ግልባጭ፦ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት፣ ለአማካሪ መሐንዲሱ።»

ከታች የልጁ ፊርማ አለ። ድሮ መጋዘናችን ውስጥ በኖራ ቁራጭ ግድግዳ ላይ የሚለማመደው ያው ፊርማ ነው።

«ድርጅትዎ አለኝ» አለ አባቴ።

በማግስቱ ሥራ ቦታው ሄድን። ቢሮው ከቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ነው፤ በሩ ላይ ጭቃ የጠገቡ ቦቲዎች ተደርድረዋል፣ ግድግዳው ላይ የዓምዶቹ ንድፍ ተለጥፏል። ልጁ እንዳየን ከወንበሩ ተነሳ፣ አባቴ ግን ቁጭ አላለም።

«መጥተህ ልትነግረኝ አትችልም ነበር?»

«በቃል የተነገረ እምቢታ አይቆጠርም፣ አባባ። ካልጻፍኩት አንዱ ፎርማን አንድ ቀን ሲሚንቶ ጎድሎበት ይከፍተዋል። ይሄ ዓምድ በሚሸከመው ፎቅ ላይ የሚወጡት ልጆች ናቸው።»

«ግልባጩስ?»

«ግልባጭ ግዴታ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ወድጄ አልፈረምኩትም፣ አምላክ ምስክሬ ነው።»

አባቴ ወጥቶ ከቀዩ ገመድ ውስጥ ገባ፣ አንዱን ከረጢት ቀደደና እጁን ሰደደ። ያወጣው ጓል ነበር። በመዳፉ ጨመቀው፣ አልፈረሰም። ሁለቱም እጆቹ ተጋግዘው ቢጨምቁትም አልፈረሰም። ብዙ ጊዜ እዚያው ቆሞ ታገለው፤ እኔ ማየት አቅቶኝ ዞርኩ። «ልክ ነህ» አለ በመጨረሻ። ባይለው ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ተጣልቶ፣ ተሳድቦ ቢወጣ እኔም አብሬው እሳደብ ነበር።

ከረጢቶቹን አስጭነን መለስናቸው፣ ግቢያችን ውስጥ አራገፍናቸው። ግልባጩ ሥራውን ሠራ፤ እየቆየ አንዱም ሌላውም ተቋራጭ ከእኛ መግዛት ተወ። ማንም በክፉ አልተናገረንም፣ «ሰሞኑን ሥራ የለንም» እያሉ ብቻ ያልፋሉ። አንድ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው መጥቶ «ለልስን እንኳ ይሁነኝ፣ በርካሽ ልውሰደው» አለ። አባቴ የግቢውን የውሃ ጎማ ከፈተና በክምሩ ላይ ለቀቀው። ሰውየው «አብደዋል እንዴ!» እያለ ወጣ። ከረጢቶቹ እዚያው እንደተደረደሩ ደረቁ፤ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ የከረጢት ቅርጽ ይዘው እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል።

አባቴ በትኩስ ለመተካት አልሞከረም። «እምነት ካለቀ ምን ይተካል» ይለኛል፣ ብለምነውም ብቆጣውም።

ልጁ አንድ እሑድ ጠዋት መጣ። አባቴ ባዶው መጋዘን ውስጥ ነበር። ልጁ ሰላም ብሎ ወደ ኋለኛው ጥግ ሄደ። ግድግዳው ላይ መዳፉን አሳርፎ ቆየ።

«እዚህ ነበር ያስቀመጡት?»

«የት ላስቀምጠው? ቦታህ ነው።»

ልጁ መዳፉን አዞረና አሳየን። እርጥብ ነበር።

«ይሄ ግድግዳ ውሃ ያመነጫል፣ አባባ። ያኔም ያመነጭ ነበር።»

«በምን አወቅህ?»

«በሱሪዬ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም ሊስቅ ነበር መሰለኝ። «ሽንት አልነበረም፣ እታለሜ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስቀንበታል፤ እናቱ ገርፋዋለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «አንድ ቃል ብትለኝ ግድግዳውን አናስለስነውም ነበር?»

«ነግሬዎት ቦታው አይሆንም ብለው ቢያስነሱኝስ? ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። መገረፉ ይሻለኝ ነበር።»

አባቴ እንዲቀመጥም አላለውም፣ እንዲሄድም አላለውም። ልጁ ጉልበቱን ስሞ ወጣ።

ትምህርት ቤቱ በሌላ ሰው ሲሚንቶ አለቀ፤ ዓምዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ልጆች ይንጫጩበታል። እኔ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። አባቴ ከሰዓት በኋላ ወደ ባዶው መጋዘን ይገባና ርብራቡ ላይ ይቀመጣል፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ። ግድግዳውን እናስለስነው ስለው «ተይው» ይለኛል። ሲነሳ ሱሪው ከኋላ ረጥቦ ነው። ማንም አይስቅም።